ከጀርባው ክዳን ላይ ያለው ቁጥር፦ የአሮጌ ሴኮ ሰዓትን ዕድሜ ማወቅ

በአሮጌ የሴኮ የእጅ ሰዓት ጀርባ ላይ ሁለት ቁጥሮች ተቀርጸው ይገኛሉ። አንደኛው ስምንት አሃዝ ሆኖ በመሃሉ ሰረዝ አለበት፤ ለምሳሌ 6139-6000። ሁለተኛው ሰረዝ የለውም፤ ስድስት ወይም ሰባት አሃዝ ነው። ሰረዝ ያለበት ቁጥር የሰዓቱን ዓይነት ይናገራል፤ ሰረዝ የሌለበት የተሠራበትን ዓመትና ወር። ብዙ ሰው ሁለቱን ያቀላቅልና ከሞዴሉ ቁጥር ዓመት ለማውጣት ይሞክራል። ከ6139 ውስጥ ግን «1961»ም ሆነ «1939» አይወጣም። ዕድሜው ያለው በሌላኛው ቁጥር ውስጥ ነው፤ እሱም ቢሆን ለብቻው ሙሉ መልስ አይሰጥም።

ይህ ዘዴ ለጃፓኑ ሴኮ በተለይ የሚሠራው ኩባንያው ቀኑን በክዳኑ ውጫዊ ገጽ ላይ ስለሚጽፍ ነው። ሰዓቱን መክፈት፣ ልዩ መሣሪያ መያዝ፣ ወደ ፋብሪካው መጻፍ አያስፈልግም። አያት የተዉት ወይም ከመርካቶ በአጋጣሚ የተገዛ ሴኮ ፋይቭ እጁ ላይ ያለ ሰው ጥሩ ብርሃንና አጉሊ መነጽር ካገኘ ይበቃዋል። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ንባቡ የሚጀምረው ከጽዳት ነው። ለዓመታት እጅ ላይ የኖረ ሰዓት ጀርባው ላብ፣ አቧራና የቆዳ ቅባት ተጋግሮበት ቁጥሮቹን ይሸፍናል። ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ በጥቂቱ እርጥብ አድርጎ ማሸት ይበቃል። ሰዓቱን ውኃ ውስጥ መንከር አይገባም፤ የአሮጌ ሰዓት የላስቲክ ማሸጊያ ደርቆ ስለሚሰነጠቅ ውኃ በቀላሉ ይገባዋል። የብረት ማብረቂያ ቅባት ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። ጥልቀት የሌለውን ጽሑፍ ጠርጎ ይወስደዋል፤ አንዴ የጠፋ ቁጥር ደግሞ አይመለስም። ቀጥሎ ብርሃኑ ከጎን እንዲመጣ አድርጎ ሰዓቱን ቀስ እያሉ ማዞር ነው። ፊት ለፊት በሚመታ ብርሃን የማይታይ ጽሑፍ ከጎን ሲበራበት ጥላ ስለሚይዝ ይነበባል። በተበላ ክዳን ላይ 6፣ 8 እና 0፣ እንዲሁም 1 እና 7 በቀላሉ ይምታታሉ። ደግነቱ ለዕድሜ የሚያስፈልጉት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምልክቶች ብቻ ናቸው፤ የቀሩት ባይነበቡም ብዙ አይጎዳም።

የመጀመሪያው አሃዝ የዓመቱ የመጨረሻ አሃዝ ነው። 4 ከሆነ ሰዓቱ የተሠራው መጨረሻው 4 በሆነ ዓመት ነው፤ 0 ከሆነ በ0 በሚያልቅ ዓመት። ሁለተኛው ምልክት ወሩን ያሳያል፤ ከ1 እስከ 9 ያሉት አሃዞች ከጃንዋሪ እስከ ሴፕቴምበር ያሉትን ወራት ይወክላሉ። ለቀሩት ሦስት ወራት ነጠላ አሃዝ ስላልተረፈ ሌላ ዘዴ ተፈልጓል። ኦክቶበር በዜሮ ወይም ዜሮ በሚመስለው የላቲን ኦ ይጻፋል፤ ኖቬምበር በላቲኑ ኤን፣ ዲሴምበር በዲ። ስለዚህ በቁጥሮች መሃል አንድ ፊደል ሲገባ አንዳንዶች እንደሚጠረጥሩት የሐሰት ምልክት አይደለም፤ ሰዓቱ በዓመቱ መጨረሻ እንደተሠራ ያሳያል እንጂ። የቀሩት አሃዞች የተራ ቁጥር ናቸው፤ ስለ ዕድሜ የሚናገሩት ነገር የለም።

የአሃዞቹ ብዛት ራሱ አንድ ፍንጭ ይሰጣል። በ1960ዎቹ የነበረው ቁጥር በአብዛኛው ሰባት አሃዝ ነበር፤ በዐሥርቱ ዓመታት መጨረሻ ግን ወደ ስድስት ወርዶ በዚያው ቀጠለ። ስለዚህ በ6 የሚጀምር ሰባት አሃዝ ያለው ክዳን ወደ 1966 ያመለክታል። በ6 የሚጀምር ስድስት አሃዝ ሲሆን ግን 1976ም፣ 1986ም፣ 1996ም ሊሆን ይችላል።

የዘዴው ዋና ችግር እዚህ ላይ ነው። ኩባንያው የጻፈው የዓመቱን አንድ አሃዝ ብቻ ስለሆነ ቁጥሩ በየዐሥር ዓመቱ ይመለሳል። ፋብሪካው ለራሱ ጉዳይ ሲጽፍ ይህ አላሳሰበውም፤ ለጥገና የመጣን ሰዓት በእጁ የያዘ ሠራተኛ የየትኛው ዐሥርት ዓመት ሰዓት እንደሆነ በዓይኑ ያውቃልና። ችግሩ የተፈጠረው ሰዓቱ ከታሰበለት ዕድሜ በላይ ሲኖር፣ በማያውቀው ሰው እጅ ሲገባ ነው። በዚህ ጊዜ ሥራው ዓመቱን ማንበብ ሳይሆን ዐሥርቱን ዓመት መወሰን ይሆናል፤ ለዚህም ሰረዝ ያለበት ቁጥር ይጠራል።

ከሰረዙ በፊት ያሉት አራት አሃዞች የውስጡን ማሽን፣ ባለሙያዎች ካሊበር የሚሉትን፣ ይገልጻሉ። ከሰረዙ በኋላ ያሉት አራት አሃዞች የአካሉን ቅርጽ ያመለክታሉ። እያንዳንዱ ማሽን የልደትና የማቆሚያ ዘመን አለው። ማሽኑ ገና ባልተፈለሰፈበት ዓመት ሰዓቱ ሊሠራ አይችልም፤ ምርቱ ካቆመ በኋላም እንደዚያው። ስለዚህ የቁጥሩ የመጀመሪያ አሃዝ የሚያቀርባቸው ሁለት ወይም ሦስት አማራጮች በማሽኑ ዘመን ሲመዘኑ ብዙ ጊዜ አንዱ ብቻ ይተርፋል። በባትሪ የሚሠራ የኳርትዝ ሰዓትም ቢሆን ራሱ ወሰን ይሰጣል፤ የመጀመሪያው የኳርትዝ የእጅ ሰዓት፣ የሴኮው አስትሮን፣ ለገበያ የቀረበው በዲሴምበር 25 ቀን 1969 ነውና ከዚያ በፊት የተሠራ የኳርትዝ ሴኮ የለም።

የ6139 ማሽን ጥሩ ምሳሌ ነው። ይህ ማሽን ራሱን በእጅ እንቅስቃሴ የሚሞላና የሩጫ ሰዓት የሚይዝ፣ ክሮኖግራፍ የሚባለው ዓይነት ነው። ሴኮ በሜይ 1969 በጃፓን ለገበያ ሲያቀርበው በዓለም ከመጀመሪያዎቹ አውቶማቲክ ክሮኖግራፎች አንዱ ነበር፤ ምርቱም በ1970ዎቹ መጨረሻ ቆመ። የአሜሪካው ጠፈርተኛ ዊልያም ፖግ ከኖቬምበር 1973 እስከ ፌብሩዋሪ 1974 በስካይላብ ጣቢያ ሲቆይ በእጁ ያሠረው ቢጫ ፊት ያለው ሴኮ የዚህ ቤተሰብ አባል ስለሆነ ሰብሳቢዎች ሰዓቱን በስሙ ይጠሩታል፤ ዋጋውንም ያስወደደው ይኸው ታሪክ ነው። ዋጋው ስለተወደደም የተቀላቀሉ ቁርጥራጮች የበዙበት ሰዓት ሆኗል።

እንበልና በእጅ ያለው ሰዓት ጀርባ 6139-6000 ይላል፤ ከታቹ ደግሞ በ14 የሚጀምር ስድስት አሃዝ አለ። የመጀመሪያው 1 ለ1961፣ ለ1971 ወይም ለ1981 ይሆናል። ማሽኑ በ1961 አልነበረም፤ በ1981ም ምርቱ ቆሟል። የቀረው 1971 ብቻ ነው፤ ወሩም ኤፕሪል። ይህ ቀላሉ ነው።

አስቸጋሪው ቁጥሩ በ9 ሲጀምር ነው። ቁጥሩ 931807 ነው እንበል። ማሽኑ በ1969 ተወልዶ በ1970ዎቹ መጨረሻ ስለቆመ፣ በማሽኑ ዘመን ብቻ ከታሰበ ሁለቱም ዓመታት፣ 1969ና 1979፣ በር ላይ ቆመው ይቀራሉ። በዚህ ጊዜ የሚረዳው በፊቱና በክዳኑ ላይ ስለ ውኃ የተጻፈው ነው። ቀደም ሲል ሰዓት ሠሪዎች ውኃ የማያስገባ ሰዓት ሲሠሩ «ዋተር ፕሩፍ» ብለው ይጽፉ ነበር። የትኛውም ሰዓት ውኃን ፍጹም ሊከለክል ስለማይችል ቃሉ ገዢን ያሳስታል ተባለ፤ የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽንም በ1968 ባወጣው መመሪያ እንዳይጻፍ አደረገ። ገበያው ሰፊ ስለነበር የጃፓን ፋብሪካዎችም ተከተሉ፤ ሴኮ ከ1970 ገደማ ጀምሮ «ዋተር ሬዚስት» ወይም «ዋተር ሬዚስታንት» ማለት ጀመረ። በ6139 ሰዓቶች ላይ ይህ ለውጥ በግልጽ ይታያል፤ የቀደሙት ፊታቸው ላይ «ዋተር 70 ሜትር ፕሩፍ»፣ የኋለኞቹ «ዋተር 70 ሜትር ሬዚስት» ተጽፎባቸዋል።

እንግዲህ 931807 የሚለው ሰዓት ፊቱም ክዳኑም «ፕሩፍ» የሚሉ ከሆነ መልሱ ማርች 1969 ነው። በ1979 የተሠራ ሰዓት ከዘጠኝ ዓመት በፊት የተተወ ጽሑፍ አይዝም። ይህን የሚያጠናክር አንድ ነገር ውስጡ አለ። ሰዓት ሠሪ ከፍቶት በማሽኑ ላይ ከ6139 ቀጥሎ የላቲን ኤ ካገኘ ከቀደሙት ምርቶች ነው፤ ቢ ከሆነ ማሽኑ በኋላ የተሻሻለው ነው። ማርች 1969 የሚል ሰዓት ቢ የሚል ማሽን ቢይዝ አንዱ ከሌላው የመጣ ነው ማለት ይቻላል።

የተደባለቀ ጽሑፍ ግን ወዲያውኑ አያስጠረጥርም። ፊቱ «ሬዚስት» ክዳኑ «ፕሩፍ» ሲሉ፣ ቁጥሩም ወደ 1970 ሲጠጋ፣ ፋብሪካው የተረፈውን ክምችት እየጨረሰ የነበረበት የሽግግር ጊዜ ሊሆን ይችላል። ክዳን ቀራጩና ፊት አታሚው በአንድ ቀን ሥራ አልለወጡም። ያው ቅልቅል ግን ቁጥሩ 1975 በሚል ሰዓት ላይ ቢገኝ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያን ጊዜ ከአምስት ዓመት በፊት ያለፈ ቃል የያዘው ክፍል ከሌላ ሰዓት እንደመጣ መገመት ይሻላል።

ወደ ተራው የሴኮ ፋይቭ ሲመጣ ነገሩ ይከብዳል። በኢትዮጵያም ሆነ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ብዙ እጅ ላይ የታየው ሴኮ ፋይቭ 7009 በሚባለው ማሽን የሚሠራው ነው። ይህ ማሽን ከ1970ዎቹ የኋለኛ ዓመታት እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ ሲመረት ኖሯል። በ1996 የተተካው 7ኤስ26 ደግሞ ከዚያም በላይ ቆይቷል፤ በ6 የሚጀምር ቁጥር ያለው የ7ኤስ26 ሰዓት የ1996፣ የ2006 ወይም የ2016 ሊሆን ይችላል። ፋብሪካው ጥሩ ማሽን ካገኘ ለረጅም ዘመን ስለሚሠራበት፣ ማሽኑ ረጅም ዕድሜ ባገኘ ቁጥር ቁጥሩ የሚሰጠው መረጃ እየቀነሰ ይሄዳል። በ25 የሚጀምር የ7009 ሰዓት ሜይ 1982 ወይም ሜይ 1992 ነው፤ ክዳኑ ብቻውን ከሁለቱ አንዱን ሊመርጥ አይችልም። ትክክለኛው መልስ «ከሁለቱ አንዱ» የሚል ነው፤ አንዱን መርጦ በእርግጠኝነት የሚናገር ሻጭ ሌላ ማስረጃ ሊያሳይ ይገባዋል።

ያ ሌላ ማስረጃ አንዳንዴ እዚያው ክዳን ላይ፣ በባለቤቱ እጅ የተቀረጸ ይሆናል። ሰዓት ለሠርግ፣ ለምርቃት፣ ለጡረታ ስጦታ ሲሰጥ ስምና ቀን ማስቀረጽ የተለመደ ነው። ይህ ቀን ፋብሪካው ያልተናገረውን ይናገራል፤ የሚናገረው ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ሰዓቱ ከተቀረጸበት ቀን በፊት ተሠርቷል፤ ምን ያህል ቀደም ብሎ እንደሆነ ግን ጽሑፉ አይልም።

ኢትዮጵያ ውስጥ የተቀረጸ ቀን አንድ ተጨማሪ እርምጃ ይጠይቃል። ከላይ ባለው የ7009 ሰዓት ጀርባ ላይ ሰኔ 1975 የሚል ጽሑፍ አለ እንበል። የውጭ አገር ሰብሳቢ ይህን እንዳለ ቢወስደው ማሽኑ ገና ሳይወለድ የተቀረጸ መስሎት ሰዓቱን ሐሰተኛ ይለዋል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ዓመት ከመስከረም እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ድረስ 7፣ ከጃንዋሪ በኋላ እስከ ጳጉሜን ደግሞ 8 ይጨመርበታል። ስለዚህ ሰኔ 1975 ጁን 1983 ነው። አሁን ቁጥሩ ካቀረባቸው ሁለት ቀኖች ሜይ 1992 ወደቀ፤ በ1983 የተሰጠ ሰዓት በ1992 አይሠራም። የቀረው ሜይ 1982 ብቻ ሲሆን፣ ከፋብሪካ ወጥቶ ባለቤቱ እጅ እስኪገባ አንድ ዓመት ገደማ መፍጀቱም ተፈጥሯዊ ነው።

ጽሑፉ ሰኔ 1985 ቢል ኖሮ፣ ማለትም ጁን 1993፣ ነገሩ ይህን ያህል አይቆርጥም። ሁለቱም ቀኖች ከ1993 በፊት ናቸውና ሁለቱም ይቻላሉ። ሰው ለስጦታ የሚገዛው አዲስ ሰዓት ነው ከሚል ግምት 1992 ይመረጣል፤ ግን ምርጫው ግምት እንጂ ማረጋገጫ አይሆንም። ልዩነቱን ማወቅ ይጠቅማል፤ ተቀርጾ የተገኘ ቀን በኋላ የመጣውን አማራጭ ሊጥል ይችላል፣ የቀደመውን ግን ፈጽሞ አይጥልም።

ከፋብሪካ በር እስከ ገዢው እጅ ያለው ጊዜም መዘንጋት የለበትም። በክዳኑ ያለው ወር ሰዓቱ የተሠራበት እንጂ የተሸጠበት አይደለም። ከፋብሪካ የወጣ ሰዓት ወደ አከፋፋይ፣ ከአከፋፋይ በመርከብ ወደ ሌላ አገር፣ ከዚያም ወደ ሱቅ መስታወት እየተዘዋወረ ወራት ወይም ዓመታት ሊቆይ ይችላል። የ931807 ምሳሌ ራሱ ይህን ያሳያል፤ የማርች ቁጥር ያለው ሰዓት የተባለው ሞዴል ለገበያ የቀረበው በሜይ ነው። አባቴ በ1973 ነው የገዛው የሚል ልጅና በክዳኑ 1972 የሚያነብ ሰብሳቢ አይጋጩም። ቁጥሩ 1974 ካለ ግን አንድ ነገር ልክ አይደለም፤ ወይ ትዝታው ወይ ክዳኑ። ልጁ የሚናገረው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነም አስቀድሞ ዓመቱን መቀየር ይገባል።

ክዳኑ ልክ ላይሆን የሚችልበት ምክንያት ቀላል ነው። እስካሁን የተጠቀሰው ማስረጃ አብዛኛው በአንድ ክብ ብረት ላይ የተጻፈ ነው፤ ያ ብረት ደግሞ በሰዓቱ ውስጥ ካሉት ሁሉ ለመውለቅ የሚቀለው ነው። ሰዓት ሠሪ ለማጽዳት የሚከፍተው እሱን ነው፤ ጥርሱ የተበላ ክዳን ሲያገኝም ከሌላ ከሞተ ሰዓት አውጥቶ ይገጥመዋል። ይህን የሚያደርገው ለማታለል ሳይሆን ሰዓቱ ውኃ እንዳያስገባ ነው። ውጤቱ ግን ያው ነው፤ ቁጥሩ የክዳኑን ዕድሜ ይናገራል፣ ሰዓቱ ግን ከዚያ ሊለይ ይችላል።

ማመሳከሪያው በፊቱ ግርጌ ላይ ይገኛል። በሴኮ ፊት ታችኛ ጠርዝ፣ ከ6 ሰዓት ምልክት በግራና በቀኝ፣ በዓይን እምብዛም የማይታይ ጥቃቅን ጽሑፍ አለ፤ «ጃፓን» ከሚለው ቀጥሎ የማሽኑ ቁጥርና የፊቱ ቁጥር ይከተላሉ። ይህ ጽሑፍ ሲጀምር የሚያሳየው የማሽን ቁጥር በክዳኑ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። ከሰረዙ በኋላ ያሉት አሃዞች ግን ሊለያዩ ይችላሉ፤ በፊቱ ላይ ያሉት የፊቱን ንድፍ፣ በክዳኑ ላይ ያሉት የአካሉን ቅርጽ ስለሚገልጹ አለመመሳሰላቸው ስህተት አይደለም። ሦስተኛው ማመሳከሪያ ማሽኑ ራሱ ነው፤ ሰዓቱ ሲከፈት በማሽኑ ብረት ላይ ያው አራት አሃዝ ተጽፎ ይታያል። ሦስቱም 7009 ካሉ ክዳኑ ለዚህ ዓይነት ማሽን የተሠራ መሆኑ ተረጋግጧል። ከሌላ የ7009 ሰዓት የተወሰደ ክዳን ግን ይህን ፈተና ያልፋል፤ እሱን ሊያጋልጥ የሚችለው ከሰረዙ በኋላ ያለው የአካል ቁጥር ከሰዓቱ ቅርጽ ጋር አለመስማማቱ ብቻ ነው።

ከሕንድ በብዛት ተጠጋግነው በሚወጡ የሴኮ ፋይቭ ሰዓቶች ላይ ይህ ማመሳከሪያ በተለይ ያስፈልጋል፤ ሰብሳቢዎች «ሙምባይ ስፔሻል» እያሉ ይቀልዱባቸዋል። ውስጣቸው እውነተኛ የሴኮ ማሽን ነው፤ ፊታቸው ግን አዲስ ቀለም የተቀባና እንደገና የታተመ ነው። ሴኮ ፈጽሞ ያልሠራው ደማቅ ብርቱካናማ ወይም አረንጓዴ፣ ወጣ ገባ ያለ የምርት ስም፣ በግርጌው የጠፋ ወይም ከክዳኑ ጋር የማይስማማ ጥቃቅን ጽሑፍ ያጋልጣቸዋል። እንዲህ ባለ ሰዓት ላይ የክዳኑ ቁጥር ልክ ሆኖ ሳለ ሰዓቱ በዚያ ዓመት እንደዚህ መልክ ኖሮት አያውቅም። ተፈግፍጎ የተወለወለ ክዳንም በዚያው ይጠረጠራል፤ ቁጥሩ ከጠፋ ዕድሜውን የሚናገር አልቀረም። በ1960ዎቹ በአንዳንድ ውኃ የማያስገቡ የሴኮ ክዳኖች ላይ የተቀረጸ ዶልፊን አለ፤ የዶልፊኑ መስመሮች ደብዝዘው ጠርዙ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ክዳኑ በወፍጮ ጎማ ሥር አልፏል።

በክዳኑ ያሉ ሌሎች ጽሑፎች ለዕድሜ ብዙ አይረዱም። «ስቴንለስ ስቲል» የሚለው አካሉ ሙሉ የማይዝግ ብረት መሆኑን ሲገልጽ፣ «ስቲል ባክ» የሚለው ክዳኑ ብቻ ብረት ሆኖ የቀረው በሌላ ብረት ላይ የተለበጠ መሆኑን ያሳውቃል። ኤስጂፒ የሚለውም የሴኮን የወርቅ ቅብ ያመለክታል፤ ወርቅ ነው ብሎ የሚሸጥ ካለ ጽሑፉ ራሱ ይመልስለታል። በፊቱ መስኮት የሚታየው የቀን ስም በእንግሊዝኛና በዐረብኛ መሆኑ ሰዓቱ ለመካከለኛው ምሥራቅ ገበያ ሳይታሰብ እንዳልቀረ ይጠቁማል፤ ዓመቱን ግን አይናገርም፣ ዲስኩም በቀላሉ ይቀየራል።

የሴኮን ደንብ ወደ ሌላ ሠሪ ማሻገር ሌላው የስህተት ምንጭ ነው። ሲቲዝን ዓመቱን እንደ ሴኮ በመጀመሪያው አሃዝ ቢጽፍም ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሠራቸው ብዙ ሰዓቶች ላይ ወሩን በሁለት አሃዝ ይገልጻል። በ712 የሚጀምር የሲቲዝን ቁጥር ዲሴምበር ነው፤ በሴኮ ደንብ ያነበበው ሰው ጃንዋሪ ይለዋል። የአሜሪካው ቡሎቫ ደግሞ ሴኮ የተወውን የዐሥርት ዓመታት ችግር በአንድ ፊደል ፈትቶታል። በክዳኑ ላይ ኤል 1950ዎቹን፣ ኤም 1960ዎቹን፣ ኤን 1970ዎቹን፣ ፒ 1980ዎቹን ሲወክሉ፣ ቀጥሎ ያለው አሃዝ ዓመቱን ይለያል፤ ኤም5 የሚል ቡሎቫ የ1965 ነው፣ ክርክርም የለበትም።

የስዊሶቹ አሠራር ከዚህ ይለያል። በአሮጌ ኦሜጋ ላይ ለዕድሜ የሚያገለግለው ቁጥር በውስጥ ማሽኑ ላይ ስለሆነ ሰዓቱ በባለሙያ መከፈት አለበት። ቁጥሩም ቀን አልተቀረጸበትም፤ ከመጀመሪያ ጀምሮ እየጨመረ የሄደ ተራ ቁጥር ነው። 10 ሚሊዮን ገደማ የሆነው ወደ 1944፣ 20 ሚሊዮን ገደማ የሆነው ወደ 1963 ይመደባል፤ በዚህ ዓይነት ሰንጠረዥ የሚገኝ ዓመት የአንድ ሁለት ዓመት ስህተት ይፈቀድለታል። በአሮጌ ሮሌክስ ላይ ተራ ቁጥሩ ማሰሪያው በሚገባባቸው ሁለት ቀንዶች መሃል ስለተጻፈ ማሰሪያውን ማውለቅ ያስፈልጋል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በተሠሩ ብዙ ሮሌክሶች ግን ከክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ሩብ ዓመቱን የሚያሳይ የሮማ ቁጥርና የዓመቱ ሁለት አሃዞች ተመትተው ይገኛሉ። የሮማ አራትና ከጎኑ 56 ማለት የ1956 የመጨረሻ ሩብ ዓመት ነው፤ ይህም የሚናገረው ስለ ክዳኑ ስለሆነ በቀንዶቹ መሃል ካለው ተራ ቁጥር ጋር ሳይነጻጸር አይወሰድም።